አንድ መድኃኒት ለምን አይበቃም? መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አፈጣጠርና ሕክምናው

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚባለው፣ ቲቢን ይፈውሱ የነበሩ መድኃኒቶች ሊገድሉት ያልቻሉት ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። መድኃኒቱን የለመደው የሕመምተኛው ሰውነት እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የተለወጠው ግን ሰውነቱ ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተለወጠው ባክቴሪያ በሳል ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሳንባ ሲገባ መድኃኒቱን የመቋቋም አቅሙንም ይዞ ይሄዳልና። ስለዚህ በዕድሜው አንድም የቲቢ ክኒን ያልዋጠ ሰው፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን የተለመዱት መድኃኒቶች የማይበግሩት ቲቢ ሊይዘው ይችላል።

ባክቴሪያው የሚለወጥበት መንገድ ረቂቅ ቢመስልም ሥርዓት አለው። የቲቢ ባክቴሪያ ዝግተኛ ነው። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ እሱ ለመከፈል ሃያ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ በግልበጣው መካከልም አልፎ አልፎ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ምንም አያመጣም፤ አንዳንዱም ባክቴሪያውን ራሱን ይጎዳዋል። ጥቂቱ ግን መድኃኒቱ የሚሠራበትን ቦታ ይለውጣል። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ባክቴሪያው የዘረመሉን ትእዛዝ የሚያነብበትን ፕሮቲን ጨብጦ ሥራውን ያስቆማል። የዚያን ፕሮቲን ቅርጽ የሚወስነው ዘረመል በአንዲት ቦታ ብቻ ሲለወጥ መድኃኒቱ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። አይሶኒያዚድ ደግሞ እንደተዋጠ ገዳይ አይደለም፤ ባክቴሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ በራሱ በባክቴሪያው ኤንዛይም ተለውጦ ነው ኃይል የሚያገኘው። ያ ኤንዛይም ከተበላሸ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ውስጥ ቢገባም ሥራ ሳይጀምር ይቀራል።

እነዚህ ስህተቶች መድኃኒት እስኪመጣ አይጠብቁም። ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት፣ አንድ ክኒን እንኳ ሳይቀምስ፣ በሳንባው ውስጥ በአጋጣሚ ሲፈጠሩ ይኖራሉ። የመድኃኒቱ ድርሻ ሌላ ነው፤ የማይቋቋሙትን ገድሎ ለሚቋቋሙት ቦታውን ይለቅላቸዋል። ብዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒት የመቋቋም አቅማቸውን አንዱ ለሌላው ያቀብላሉ። የቲቢ ባክቴሪያ ይህን አያደርግም። እያንዳንዱ መድኃኒት የሚሸነፈው በራሱ የተለየ ስህተት ነው፤ ያ ስህተትም በዚያው ባክቴሪያ ዘር ውስጥ መፈጠር አለበት። የቲቢ ሕክምና በሙሉ የተመሠረተው በዚህ እውነታ ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ቲቢ ሳንባን ሲያጠቃ ሥጋውን እየበላ ጉድጓድ ይፈጥራል። በአንድ እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በላቦራቶሪ ከተደረጉ ቆጠራዎች እንደሚታወቀው፣ መድኃኒት ነክቶት በማያውቅ የቲቢ ባክቴሪያ ስብስብ ውስጥ ከሚሊዮን አንዱ ገደማ አይሶኒያዚድን ይቋቋማል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ገደማ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ካሉት መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች እንግዲህ መቶ ያህሉ አይሶኒያዚድን የሚቋቋሙ፣ አንዱ ደግሞ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ነው ማለት ነው። ሕመምተኛው አይሶኒያዚድ ብቻ ቢሰጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዛኛው ባክቴሪያ ያልቃል። ሳሉ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱ ይበርድለታል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል። ያልተነኩት መቶ ባክቴሪያዎች ግን በየሃያ ሰዓቱ መከፈላቸውን አያቆሙም። ማንም ባያስቆማቸው መቶው መቶ ሚሊዮን እስኪሆን ሃያ ጊዜ መከፈል ይበቃዋል፤ ይህም በሃያ ሰዓት ሒሳብ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ የመከላከያ ኃይሉ ስለሚቃወማቸው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የበለጠ ይቆያሉ፤ መጨረሻው ግን ያው ነው። በሽታው ሲመለስ ሳንባው በሙሉ አይሶኒያዚድን በሚቋቋም ባክቴሪያ ይያዛል።

አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን አንድ ላይ ሲሰጡ ሒሳቡ ከሥሩ ይለወጣል። አይሶኒያዚድን የሚቋቋሙትን መቶ ባክቴሪያዎች ሪፋምፒሲን ይገድላቸዋል፤ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመውን አንዱን አይሶኒያዚድ ይገድለዋል። የሚያመልጠው ሁለቱን ስህተቶች በአንድነት የያዘ ባክቴሪያ ብቻ ነው። የዚያ ዕድል አንድ በሚሊዮን ሲባዛ በአንድ በመቶ ሚሊዮን፣ ማለትም ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ነው። ይህን ያህል ባክቴሪያ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ አይገኝም። መድኃኒቶቹን አንድ ላይ የመስጠት ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው፤ ኃይላቸው እንዲደመር ብቻ ሳይሆን አንዱ የሌላውን ክፍተት እንዲዘጋ ነው የሚሰጡት።

ለንደን፣ 1948

ይህ ሒሳብ በወረቀት ላይ ከመሥራቱ በፊት በሰው ላይ ታይቷል። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሲገኝ ቲቢን ለመግደል የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ነበረ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1947 መድኃኒቱን በወጣት ሕመምተኞች ላይ መሞከር ጀመረ። ሁለቱም ሳንባቸው በቲቢ ከተያዘ ሰዎች መካከል 55ቱ አልጋ ላይ እያረፉ ስትሬፕቶማይሲን ተሰጣቸው፤ 52ቱ ደግሞ የዘመኑ ሕክምና የነበረውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን የተወሰነው በዕጣ ነበር። ብሪታንያ መድኃኒቱን ለሁሉም ለመግዛት የሚበቃ ዶላር ስላልነበራት፣ ዕጣው ለዚያ ጊዜ ፍትሐዊ መንገድም ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት ደግሞ 14 ሰዎች ሞተው ነበር። በራጅ ሲታይ መድኃኒት ካገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጉልህ ተሽሏቸው ነበር፤ ካላገኙት ግን በጉልህ የተሻላቸው 4 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ1948 ሲታተም ትልቅ ተስፋ ሆነ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላ ነገርም ተመዝግቧል። አክታቸው ተመርምሮ መድኃኒት መቋቋሙ ከተለካላቸው 41 ሕመምተኞች መካከል በ35ቱ ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ፤ በአብዛኞቹም ላይ የታየው ገና በሁለተኛው ወር ነበር። ሕመምተኞቹ ለአምስት ዓመት ሲከታተሏቸው ደግሞ መድኃኒት ካገኙት 55 ሰዎች 32ቱ፣ ካላገኙት 52 ሰዎች 35ቱ ሞተው ተገኙ። በስድስት ወር ያን ያህል ሰፊ የነበረው ልዩነት በአምስት ዓመት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መድኃኒቱ ደካማ ስለነበረ አይደለም፤ ብቻውን ስለነበረ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። የስዊድን ሐኪም የነበረው ዮርገን ሌማን ፓስ የተባለ ሌላ መድኃኒት አግኝቶ ነበር። ፓስ ለብቻው ደካማ ነው። ይሁንና የብሪታንያ ተመራማሪዎች ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰጡ ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ የሚወጣባቸው ሕመምተኞች ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ደካማው መድኃኒት ብርቱውን ጠበቀው። በ1952 አይሶኒያዚድ ሲመጣ ጆን ክሮፍተንና የኤድንብራ ባልደረቦቹ ሦስቱን አንድ ላይ መስጠት ጀመሩ፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ መዳን የማይቀር እንደሆነም አሳዩ። ችግሩ ጊዜው ነበር፤ ሕክምናው አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር።

ወራት የሚፈጀው ለምንድን ነው?

ብዙ መድኃኒት መስጠት ባክቴሪያው እንዳይለመድ ይከላከላል። ለምን ወራት እንደሚያስፈልግ ግን ከዚህ ብቻ አይገኝም። የጊዜው ምክንያት ሌላ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚደባለቁ ለይቶ ማየት ይገባል።

በሳንባ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ በአንድ ሁኔታ አይኖሩም። አየር በሚደርስበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ያሉት በፍጥነት ይባዛሉ። አይሶኒያዚድ እነዚህን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛቸውን ያጠፋቸዋል፤ ሕመምተኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ሌሎቹ ግን በሞተው የሳንባ ሥጋ ውስጥ፣ ወይም የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት በዋጧቸው ቦታ፣ ምግብና አየር አንሷቸው ሳይከፈሉ ይተኛሉ። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚገድሉት ባክቴሪያው ሲሠራ ነው፤ ግድግዳውን ሲገነባ፣ ዘረመሉን ሲያነብ። የተኛ ባክቴሪያ ዘረመሉ ሳይለወጥ፣ መድኃኒቱን ሳይለምድ፣ ሥራ ስለፈታ ብቻ ያመልጣል። ከወራት በኋላ ነቅቶ ሲከፈል በሽታው ያገረሻል።

የለንደኑ ተመራማሪ ዴኒ ሚቺሰን ይህን በሚገባ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ነው። በእሱ ማብራሪያ መሠረት ሪፋምፒሲን ልዩ የሆነው ለአፍታ ብቻ ነቅተው የሚተኙትን ባክቴሪያዎች በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መግደል ስለሚችል ነው። ፒራዚናማይድ ደግሞ አሲድ በበዛበት፣ ቁስለት ባለበት አካባቢ የተደበቁትን ይገድላል። በ1970ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና ማዕከላትና በብሪታንያ ተመራማሪዎች ትብብር የተደረጉት ሙከራዎች፣ እነዚህ ሁለቱ ሲጨመሩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የነበረው ሕክምና ወደ ስድስት ወር ሊያጥር እንደሚችል አረጋገጡ። ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው መደበኛ ሕክምና የዚያ ፍሬ ነው። ለሁለት ወር አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይሰጣሉ፤ ከዚያ ለአራት ወር አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው ሁለት ወር ብዙውን ባክቴሪያ የሚያወርድና መላመድን የሚከላከል ነው። የቀረው አራት ወር የተኙት አንድ በአንድ እስኪነቁ መጠበቂያ ነው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከአምስት ሕመምተኞች አራቱ ገደማ አክታቸው ላይ ባክቴሪያ አይታይም። ታዲያ ለምን አይቆምም? አክታ የሚያሳየው ወደ አየር መተላለፊያው የሚፈሰውን ብቻ እንጂ በሞተው ሥጋ ውስጥ የተኛውን ስላልሆነ ነው። በ2014 የታተመ አንድ ሰፊ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከመደበኛዎቹ መድኃኒቶች አንዱ ወጥቶ በሞክሲፍሎክሳሲን ሲተካ አክታው ከመደበኛው ሕክምና ፈጥኖ ጸዳ። ይሁን እንጂ ሕክምናው በአራት ወር ሲቆም ያገረሸባቸው ሰዎች በስድስት ወሩ ሕክምና ከታዩት በዙ። የጸዳ አክታ መልካም ምልክት ነው፤ የመዳን ማረጋገጫ ግን አይደለም። አራት ወር የሚበቃበት ሌላ ጥምረት ሪፋፔንቲን በተባለው የሪፋምፒሲን ዘመድ አማካይነት የተገኘው በ2021 ነው።

መላመዱ የሚፈጠርባቸው ቀዳዳዎች

ሒሳቡ ሁለት መድኃኒት ባክቴሪያውን ማምለጫ እንደሚያሳጡት ካሳየ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከየት ይመጣል? መልሱ በወረቀት ላይ ብዙ የሆነው መድኃኒት በሳንባው ውስጥ አንድ ሆኖ ሲቀር ነው የሚል ነው። ይህ የሚሆንባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው።

አንድ ሕመምተኛ ለምሳሌ ይታሰብ። የያዘው ቲቢ ከሌላ ሰው የተላለፈበት ሲሆን አይሶኒያዚድን አስቀድሞ የለመደ ነው። ይህን ማንም አላወቀም፤ አክታው በማይክሮስኮፕ ብቻ ስለታየ ባክቴሪያ መኖሩ እንጂ መድኃኒት መቋቋሙ አልታየም። አራቱ መድኃኒቶች ተጀመሩለት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሦስቱ ስለሚሠሩ ይሻለዋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። በሦስተኛው ወር ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚውጠው ሁለት መድኃኒት ቢሆንም የሚሠራው ሪፋምፒሲን ብቻ ነው። የተረፈው ባክቴሪያ ጥቂት ከሆነ በዚህም ሊድን ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ይድናሉም። ሆኖም ይህ ሰው በአራተኛው ወር ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ለሁለት ወር መድኃኒቱን ተወ እንበል። የተረፉት ባክቴሪያዎች ይባዛሉ፤ ቁጥራቸው እንደገና መቶ ሚሊዮን ሲደርስ ከመካከላቸው ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም አንድ ይፈጠራል። ተመልሶ ያቋረጠውን ሁለት መድኃኒት ሲጀምር ሪፋምፒሲን ሌሎቹን ገድሎ ያን አንዱን ያስቀረዋል። አይሶኒያዚድ አስቀድሞ የማይሠራ ስለነበረ የሚገድለው አይኖርም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ሁለቱንም ዋና መድኃኒቶች የሚቋቋም ቲቢ ይይዘዋል። በሕክምናው ዓለም ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ሰው ችግር እንደገጠመው የሚታወቀው በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር በሚደረገው የአክታ ምርመራ ነው። በሁለተኛው ወር ጠፍቶ የነበረው ባክቴሪያ በአምስተኛው ወር እንደገና ከታየ ሕክምናው እንዳልሠራ ይቆጠራል። ክብደት መጨመር ማቆሙና ሌሊት ማላቡ መመለሱም ምልክት ናቸው፤ ዘግይተው ግን ይመጣሉ።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ስህተት በማይሠራው ሕክምና ላይ አንድ አዲስ መድኃኒት ብቻ መጨመር ነው። አሮጌዎቹ ካልሠሩ አዲሱ ብቻውን ነው፤ የ1948ቱ ታሪክ ይደገማል። ይህ ሕግ ከሃምሳ ዓመት በላይ የታወቀ ቢሆንም ዓለም ራሱ ሲጥሰው ኖሯል። ለብዙ ዓመታት ቲቢ ላገረሸበት ወይም ሕክምናው ላልሠራለት ሰው ይሰጥ የነበረው የስምንት ወር ሕክምና፣ ያው የመጀመሪያው መድኃኒት ላይ ስትሬፕቶማይሲን ብቻ የተጨመረበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕክምና ተዉት ያለው በ2017 ነው። በዚህ መካከል ስንት ሰው አንድ ተጨማሪ መድኃኒት ተላምዶበት እንደወጣ ማሰብ ያሳዝናል።

ለመላመዱ ሁሌም የሚወቀሰው መድኃኒቱን ያቋረጠው ሕመምተኛ ነው። ወቀሳው ግማሽ እውነት ነው። መድኃኒት ከመጋዘን ሲያልቅና ከአራቱ ሦስቱ ብቻ ሲሰጡ ጥፋቱ የሕመምተኛው አይደለም። ክኒኑን ሳያስታጉል የሚውጥ ሰው እንኳ አንጀቱ መድኃኒቱን በሚገባ ላይቀበልለት ይችላል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ላይ ይህ ይታያል። ከዚህም በላይ መድኃኒቶቹ በሳንባው ውስጥ እኩል አይዳረሱም። ሪፋምፒሲን በሞተው ሥጋ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ አንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ የጉድጓዱን ዳር አልፈው ወደ ውስጥ ለመግባት ይቸገራሉ። በደም ውስጥ አራት መድኃኒት እያለ በአንዲት የሳንባ ጥግ ላይ አንዱ ብቻ ሊደርስ ይችላል። ሰፊ ጉድጓድ ያለበት ሕመምተኛ የበለጠ ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አራቱን መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ቀላቅሎ ማዘጋጀት የተጀመረውም ሰው መርጦ እንዳይውጥና አንዱ እንዳይጎድል ተብሎ ነው።

መላመዱ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ

በ2006 በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር ቱጌላ ፌሪ ከተባለች የገጠር ከተማ አስደንጋጭ ዘገባ ወጣ። 53 ሕመምተኞች የያዛቸው ቲቢ በወቅቱ የነበሩትን ዋና ዋና መድኃኒቶች ከሞላ ጎደል የሚቋቋም ነበር፤ ከእነሱ 52ቱ ሞቱ። ለኤች አይ ቪ የተመረመሩት ሁሉም ቫይረሱ ነበረባቸው። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስደው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ባክቴሪያው ሌላ ቦታ ተላምዶ፣ በሆስፒታል ክፍሎችና በቤቶች ውስጥ በሳል ተላልፎ የደረሳቸው ነበር።

ተመራማሪዎች በኋላ የዚያን አካባቢ ባክቴሪያዎች ዘረመል እያነበቡ የለውጦቹን ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ቆጠሩ። በግምታቸው መሠረት ባክቴሪያው አይሶኒያዚድን የለመደው በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ መድኃኒቱ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሪፋምፒሲንን በ1980ዎቹ ጨመረ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የቀሩትን ለመደ። ዘገባው ከመውጣቱ በፊት አሥር ዓመት ያህል ማንም ሳያውቀው በዝምታ ይተላለፍ ነበር። አይሶኒያዚድን መልመድ ለሪፋምፒሲን መላመድ በር ከፋች መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል፤ በየዘመኑ የመጣው አዲስ መድኃኒት አሮጌው በማይሠራበት ቦታ ብቻውን ሲቆም አንዱ ከሌላው በኋላ ወደቀ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2023 በዓለም ላይ 400 ሺህ ያህል ሰዎች ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ወይም ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዟቸዋል። ከአዲስ ሕመምተኞች መካከል 3 በመቶ ገደማ፣ ከዚህ በፊት ታክመው ከነበሩት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ እንዲህ ያለው ቲቢ አለባቸው። ቀድሞ መታከሙ ጥያቄ ሆኖ በየጤና ጣቢያው የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መለየትና ማከም

የቀድሞው የመለያ ዘዴ ባክቴሪያውን በመድኃኒት አጠገብ ማብቀል ነበር። ባክቴሪያው ዝግተኛ ስለሆነ ውጤቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ይህን ቀየረው። በ2010 በዓለም ጤና ድርጅት የተደገፈው ይህ ምርመራ አክታውን በትንሽ ካርትሬጅ ውስጥ ወስዶ የሪፋምፒሲን ዘረመል ውስጥ አንድ አጭር ክፍል ይመለከታል። ሪፋምፒሲንን ለመቋቋም ከሚያበቁት ለውጦች 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በዚያች አጭር ክፍል ውስጥ ስለሆኑ መልሱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገኛል። ሪፋምፒሲን የማይሠራበት ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ አይሶኒያዚድንም የለመደ በመሆኑ አንዱን ማየት ሌላውን ይጠቁማል። አይሶኒያዚድን ብቻ የለመደውን ባክቴሪያ ግን መደበኛው ካርትሬጅ አያሳይም፤ ከላይ የተነገረው ሕመምተኛ ዛሬም በዚህ ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል።

የብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር። አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን ሲወጡ የሚተኳቸው መድኃኒቶች ደካሞችና የበለጠ መርዛማ ነበሩ። ሕመምተኛው ሃያ ወርና ከዚያ በላይ መድኃኒት ይውጥ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር በየቀኑ ካናማይሲን ወይም የመሰለው መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ጆሮን ይጎዳል፤ ከቲቢው ድነው መስማት የተሳናቸው ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና የተጀመረው በ2009 አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ጎንደርም ተከተለ። ያ ሆስፒታል በኋላ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም በተካሄደ አንድ ትልቅ ሙከራ ተካፍሏል። ሙከራው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር የሚፈጅ ሕክምናን ከሃያ ወሩ ጋር አወዳደረ። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚለው በአጭሩ ሕክምና መልካም ውጤት ያገኙት 78.8 በመቶ፣ በረጅሙ ደግሞ 79.8 በመቶ ነበሩ። ከሃያ ወሩ ግማሽ ያህሉን ማስቀረት እንደሚቻል ከተረጋገጠባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ነች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መርፌ የሌለበት የስድስት ወር ሕክምና እንዲሰጥ መከረ። በውስጡ ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን አሉ። አራቱም ባክቴሪያውን በተለያየ ቦታ ይመቱታል፤ ሒሳቡ ያው የመጀመሪያው ነው። ይህን ሕክምና ባረጋገጠው ሙከራ መልካም ውጤት ያገኙት 89 በመቶ ሲሆኑ በነባሩ ሕክምና 52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምናው ክትትል ይፈልጋል። ሊኔዞሊድ ደምን ሊያሳንስ፣ እግርን ሊያደነዝዝና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ በየጊዜው ደም ይመረመራል፣ የእግር መደንዘዝም ይጠየቃል። ሞክሲፍሎክሳሲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ሲሆን በሦስቱ መድኃኒቶች ይቀጠላል፤ አክታው ዘግይቶ ከጸዳም ወደ ዘጠኝ ወር ሊራዘም ይችላል።

በዚህ ሕክምና ውስጥ በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለቤዳኩሊን ነው። ሌሎቹ መድኃኒቶች ሕመምተኛው መዋጥ ካቆመ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከሰውነቱ ይወጣሉ። ቤዳኩሊን ግን በሕብረ ሕዋሳት ውስጥ ተቀምጦ ለወራት በጥቂቱ ወደ ደም ይፈሳል። መድኃኒቱን በሙሉ ያቋረጠ ሰው ሳያውቀው ለወራት አንድ መድኃኒት ብቻ፣ ያውም በትንሽ መጠን፣ በሰውነቱ ይኖረዋል። ባክቴሪያው ቤዳኩሊንን ከውስጡ ገፍቶ እንዲያወጣ የሚያስችሉ ለውጦች ከወዲሁ በሕመምተኞች ላይ እየታዩ ነው፤ እነዚያው ለውጦች ክሎፋዚሚን የተባለውን ሌላ መድኃኒትም ያዳክማሉ። ጂን ኤክስፐርት ይህን አያሳይም። ቤዳኩሊን መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ባክቴሪያውን በማብቀል ወይም ዘረመሉን በሙሉ በማንበብ ነው። ሁለቱም የሚገኙት በጥቂት ላቦራቶሪዎች በመሆኑ፣ የስድስት ወሩን ሕክምና አቋርጦ የሚመለስ ሰው አክታ መድኃኒቱ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ተወስዶ ወደዚያ መላክ አለበት።